መታወቂያ ቁጥር ዜግነት ይናገራል?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። «የሰው መታወቂያ ቁጥር አይቼ የየት አገር ዜጋ እንደሆነ ማወቅ እችላለሁ?» አብዛኛውን ጊዜ አትችሉም። ለምን እንደማትችሉ ግን ቁጥር ከፍተን እንየው።

መጀመሪያ ታርጋ። ታርጋን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ በለመድነው ታርጋ «አአ» ይላል፣ ኮዱ 2 ነው። ምን አወቃችሁ? የቤት መኪና ነው፤ የተመዘገበው አዲስ አበባ ነው። በቃ። ሹፌሩ የጎንደር ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የጅማ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባን ዛሬ ገና ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። መኪናው ራሱ ከተመዘገበ ጀምሮ ሐዋሳ ሲነዳ የኖረ ሊሆን ይችላል። ታርጋው አልዋሸም። የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው፤ «የት ተመዘገበ?» ተባለ፣ «አዲስ አበባ» አለ። ስለ ሹፌሩ ማንም አልጠየቀውም። ይህችን ያዙልኝ፤ የመታወቂያ ቁጥርም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጣሊያን። እዚያ ያላችሁ «ኮዲቼ ፊስካሌ»ን ታውቁታላችሁ። የግብር ቁጥር ነው፤ ግን ለሕክምናውም፣ ለቤት ኪራዩም፣ ለሥራ ውሉም የሚጠየቀው እሱ ነው። 16 ፊደልና አኃዝ አለው። እንደዚህ ቁጥር ብዙ የሚያወራ የለም! መስከረም 1 ቀን 1978 አዲስ አበባ የተወለደች ሴት እንውሰድ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፣ 1985 ማለት ነው። የቁጥሯ መካከል ይህን ይመስላል፦

```
85P51Z315
```

ቶሎ ቶሎ እንለፈው። 85 ዓመቱ ነው። P ሴፕቴምበር ነው። 51? ቀኑ 11 ነው፣ ሴት ስለሆነች 40 ይደመርበታል። ወንድ ቢሆን 11 ብቻ ይሆን ነበር። Z315 ኢትዮጵያ ነው። ከፊት ከቤተሰብ ስሟና ከራሷ ስም የተወሰዱ ስድስት ፊደላት አሉ፣ ከኋላ አንድ ማረጋገጫ ፊደል። አለቀ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። Z315 ኢትዮጵያ ነው ብያለሁ፤ ኢትዮጵያዊት ናት ግን አላልኩም። የተጠየቀው «የት ተወለደች?» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጣሊያን እናትና አባት የተወለደች ልጅም Z315 ነው የምታገኘው፤ ጣሊያናዊት ሆና ሳለ። በተቃራኒው ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን የተወለደ ልጅ H501 ያገኛል፤ የሮም ኮድ ነው። ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ጣሊያን ጣሊያን ይላል። የጣሊያን ሕግ ግን ዜግነትን በዋናነት በወላጅ ነው የሚሰጠው፤ ያ ልጅ እዚያው ሳያቋርጥ በሕጋዊነት ኖሮ 18 ዓመት ሲሞላው ነው መጠየቅ የሚችለው። ደግሞ ያቺ Z315 ያላት ሴት ነገ የጣሊያን ዜግነት ብታገኝስ? ቁጥሯ ያው ነው። የተወለደችበት ቦታ አይቀየርማ።

እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ከዓረብ አገር ለምትከታተሉኝ ቀጣዩ ለእናንተ ነው።

«የኤሚሬትስ መታወቂያዬ በ784 ነው የሚጀምረው፣ እንደ ዜጋ ተመዝግቤያለሁ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። አይደለም፣ ወገኖቼ! 784 የኤሚሬትስ የራሷ የአገር ኮድ ነው። የሚናገረው መታወቂያውን ማን እንደሰጠ ነው። ዱባይ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችንም 784 ናት፣ ሕንዳዊው መሐንዲስም 784 ነው፣ አገሬውም 784 ነው። የነዋሪ ሁሉ ቁጥር እንዲያ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ ያሉት አራት አኃዞች የተወለዳችሁበት ዓመት ናቸው። ዜግነታችሁን ከፈለጋችሁ ካርዱ ላይ በጽሑፍ ተለይቶ ተቀምጧል፤ እሱን አንብቡ። «784 አለህ፣ ዜግነት አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አንድ ብር አትስጡት።

«ግን እኮ ኳታር ውስጥ 231 ቁጥሬ ላይ አለ» የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ። የኳታር ቁጥር 11 አኃዝ ነው። በ285231 ከጀመረ፣ 2 ማለት 1900ዎቹ፣ 85 ዓመቱ፣ 231 ኢትዮጵያ ነው። እዚህ የተጠየቀው በእርግጥ ዜግነት ነው። ግን የተመዘገበው በቀረበው ፓስፖርት ነው። ደሴ ተወልዶ በአሜሪካ ፓስፖርት ዶሃ የገባ ሐበሻ ቁጥሩ ላይ የሚያርፈው 840 ነው፤ የአሜሪካ ኮድ። ስለዚህ 840 ስላያችሁ «ይሄ ሐበሻ አይደለም» አትበሉ። ደሴ መወለዱ ያ ቁጥር ውስጥ የትም የለም።

ፋይዳን ለጠየቃችሁኝ፦ የፋይዳ 12 አኃዞች በዘፈቀደ የሚወጡ ናቸው። ልደትም፣ ፆታም፣ ክልልም አይነበብባቸውም። የሚሰጠውም ለነዋሪ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋም ያወጣል።