ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ ይሞላል? ስለ አንዲት ቀበሌ የውሃ ፕሮጀክት ዕቅድ

ሄለን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ አንድ አሳይመንት ይዘን ነው የመጣነው። የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሠሩት ነው፣ የአንዲት ደጋማ ቀበሌ የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት የተቀናጀ ዕቅድ። ቁጥሮቹን ለልምምድ ብለን ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ ሁኔታው ግን ወረዳ ላይ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በረከት የውሃ መሐንዲስ ነው፣ ብዙ ምንጭ አጎልብቷል።

በረከት፦ ሰላም ሄለን። እስቲ ቀበሌዋን ንገሪን።

ሄለን፦ 1,200 ሰው አለ። ከላይ ተራራው ሥር ምንጭ አለ። ምንጩን ማጎልበት፣ ውሃውን በ3,200 ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት ማውረድ፣ መሐል ላይ ማጠራቀሚያ መሥራት፣ ከዚያ ለ6 ቦኖዎች ማከፋፈል። ይኼ ነው ሥራው። ተማሪው የሥራ ክፍፍል፣ መርሐ ግብር፣ በጀት፣ የስጋት መዝገብና የርክክብ ዕቅድ ያቀርባል።

በረከት፦ መጀመሪያ የምታይው ምኑን ነው?

ሄለን፦ ምንጩ መቼ እንደተለካ። ብዙዎቹ ቀን አይጽፉም። "የምንጩ መጠን በሰከንድ 0.8 ሊትር" ብለው ያልፋሉ።

በረከት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ትንሽ ምንጭ እንዴት እንደሚለካ ልናገር። ውሃው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲወርድ በጭቃና በድንጋይ ትገድቢያለሽ፣ ቁራጭ ቧንቧ ታስገቢያለሽ፣ ከሥሩ 20 ሊትር ጀሪካን ታደርጊያለሽ። ስልክሽ ላይ ሰዓት ትይዣለሽ። ሦስት አራት ጊዜ ትደጋግሚና አማካዩን ትወስጃለሽ። ግድቡ ሥር የሚያፈስ ካለ መለኪያው ውሸት ነው፤ እጅሽን ከታች አስገብተሽ ማየት ነው። በጥቅምት ብትለኪው ጀሪካኑ በ25 ሰከንድ ይሞላል። ይኼ ነው የተማሪው 0.8።

ሄለን፦ በሚያዝያስ?

በረከት፦ ክረምቱ አልፎ፣ ስድስት ሰባት ወር ፀሐይ በልቶት? ያው ጀሪካን 40 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በ25 ሰከንድ ሲሞላ በቀን 3,456 ጀሪካን ታገኚያለሽ። በ40 ሰከንድ 2,160 ብቻ።

ሄለን፦ ፍላጎቱን ደግሞ እናስላው። የገጠር መለኪያችን ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ። 1,200 ሰው በዓመት 2.5 በመቶ ቢጨምር ከ15 ዓመት በኋላ ወደ 1,740 ይደርሳል። ለብክነት 15 በመቶ ስንጨምርበት በቀን 50,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። በጀሪካን 2,500።

በረከት፦ ስለዚህ በጥቅምት ቁጥር ዕቅዱ ይተርፈዋል፣ በሚያዝያ ቁጥር ይጎድለዋል። ይኼን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወጣት ሆኜ የሠራሁበት አንድ ቦታ ምረቃው በጥቅምት ነበር። ቦኖው ሲከፈት እናቶች እልል አሉ። በሚያዝያ ስመለስ ቦኖው ሥር የተደረደሩት ጀሪካኖች ደረቅ ነበሩ። ሴቶቹ ወደ ድሮው ወንዝ ወርደዋል። አንዲት እናት "ልጄ፣ ቧንቧውስ ደህና ነው፣ ውሃው ነው የጠፋ" አሉኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሄለን፦ ለዚህ ነው ተማሪዎቼን የምጨቀጭቃቸው። ሌላም ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀት ተለቆ፣ ክረምት አልፎ ዲዛይን የሚጀመረው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። የሚያዝያው ልኬት ግን ካለፈው በጀት ዓመት መምጣት አለበት። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ፕሮጀክቱ ገና በጀት ሳይኖረው የሚሠራ ነው። መርሐ ግብሩ ላይ ይኼን ያሳየ ተማሪ ሥራው ገብቶታል።

በረከት፦ ካልተለካስ?

ሄለን፦ እዚያው ቀበሌ ያሉ አዛውንቶችን መጠየቅ። በድርቅ ጊዜ ምንጩ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያስታውሳሉ። ከዚያ ያንን በስጋት መዝገብ አስገብቶ፣ ሚያዝያ ላይ እስኪለካ የቧንቧ ግዥውን አለመፈረም።

በረከት፦ እሺ፣ አሁን በሚያዝያ ለካን፣ ጎደለ። ምን ይደረጋል?

ሄለን፦ አሳይመንቱ እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ዕቅዱን ከጻፉ በኋላ እኔ አንድ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ "ምንጩ በሚያዝያ በ40 ሰከንድ ነው የሞላው" የሚል። እነሱ የለውጥ ጥያቄ ይጽፋሉ። አንዱ መንገድ የዲዛይኑን ዕድሜ ማሳጠር ነው። ግን 10 ዓመት ቢያደርጉት እንኳ ፍላጎቱ 44,000 ሊትር ገደማ ይሆናል፣ ምንጩ የሚሰጠው 43,200 ነው። አሁንም አልደረሰም።

በረከት፦ ለከብትም ምንም አልተረፈም። ከብት የሚጠጣበትን ምንጭ ዘግተሽ ለሰው ብቻ ብታደርጊው ቧንቧው ይሰበራል። ጥጋብ አይደለም፣ ከብቱ ይጠማዋል።

ሄለን፦ ሌላው መንገድ ሁለተኛ ምንጭ መጨመር ነው። በእኛ ጉዳይ 600 ሜትር ርቆ አንድ ትንሽ ምንጭ አለ፣ በሚያዝያ ጀሪካን በ100 ሰከንድ የሚሞላ። በቀን 864 ጀሪካን። ከመጀመሪያው ጋር 3,024 ይሆናል። 2,500ው ለሰው፣ 500 ገደማ ለከብት መጠጫ ገንዳ።

በረከት፦ ጥሩ። ተማሪው ችግሩ ተፈታ ብሎ ይጨርሳላ።

ሄለን፦ ብዙው እንደዚያ ይጨርሳል! የሥራ ወሰን ላይ 600 ሜትር ቧንቧ ይጨምርና መርሐ ግብሩን እንዳለ ይተወዋል። እኔ የተቀናጀ የምለው ያ 600 ሜትር እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሲታይ ነው። ቁፋሮውን እንውሰድ። ቦዩን የሚቆፍረው ሕዝቡ ነው፣ የራሱ መዋጮ ነው። በተለመደ አፈር፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ይቆፍራል ብለን ወሰድን። 3,200 ሜትር 800 የሰው ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን 40 ሰው ከወጣ 10 ሳምንት።

በረከት፦ መቼ ነው የሚቆፈረው?

ሄለን፦ አንተ ንገረና።

በረከት፦ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማንም አይመጣልሽም። ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ከጥር 13 ጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ። 11 ሳምንት ገደማ። ከዚያ እርሻው ይጀመራል። በዚያ ላይ ቀኖቹን ሲመርጡ እሑድን፣ የገበያ ቀንን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ በዓለ ወልድን ማውጣት አለባቸው። ኮምፒዩተሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብሎ ቢሞላው ገበሬው በ21 ዶማ አያነሣም።

ሄለን፦ እና ሁዳዴ አለ።

በረከት፦ አዎ! የጾሙ ሰሞን ሰው እስከ ከሰዓት እህል አይቀምስም። በጥር 4 ሜትር የቆፈረ ሰው በመጋቢት 3 ቢቆፍር ተመስገን ነው። በእኔ ዘመን ማንም አላስተማረኝም፣ ከሜዳ ነው የተማርኩት።

ሄለን፦ እንግዲህ 3,200 የነበረው 3,800 ሜትር ሆነ። ከጾሙ በፊት 4 ሳምንት አለን ብንል፣ ከዚያ በኋላ በ3 ሜትር ብናሰላ፣ 40 ሰው በ11 ሳምንት አይጨርሰውም፤ ከ14 በላይ ይፈጃል። እርሻ ውስጥ ይገባል። 60 ሰው ቢወጣ ግን ከ9 ሳምንት ብዙም አያልፍም። ሁለት ሳምንት ገደማ መተንፈሻ ይኖረናል፣ ድንጋይ ቢያጋጥም ማለት ነው። ነገር ግን 60 ሰው ማለት 20 ተጨማሪ ዶማና አካፋ ነው፣ በጀት ላይ ይገባል። ከየጎጡ ስንት ሰው እንደሚወጣ የተስማማንበት ቃለ ጉባኤ እንደገና ይጻፋል። ሁለተኛው ምንጭ ያለበት መሬት የማን ነው? ከባለቤቱ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል፣ ስጋት መዝገብ ላይ አዲስ መስመር ይሆናል። ቧንቧው በአንድ ጨረታ እንዲገዛ የዝርዝሩ ሰነድ ይታረማል።

በረከት፦ ይኼን ሁሉ እንዴት ትከታተይዋለሽ? የ40 ገጽ ወረቀት ነው።

ሄለን፦ በቁጥር። በሥራ ክፍፍሉ ላይ እያንዳንዱ ሥራ መለያ አለው። ምንጭ ማጎልበት 2.1፣ የሁለተኛው ምንጭ ቧንቧ 2.4 ይባል። ያው 2.4 መርሐ ግብሩ ላይ፣ በጀቱ ላይ፣ ስጋቱ ላይ፣ ጥራት መቆጣጠሪያው ላይ መኖር አለበት። ሥራቸውን ሳርም እርሳስ ይዤ አንድ መለያ እመርጥና ገጽ በገጽ እፈልገዋለሁ። በጀቱ ላይ ኖሮ መርሐ ግብሩ ላይ ከሌለ፣ አምስት ተማሪዎች ተከፋፍለው ጽፈው መጨረሻ ላይ አያይዘውታል ማለት ነው።

በረከት፦ እኔ ደግሞ ሁሌ የማየው ታሪፉን ነው። ውሃ ኮሚቴው ከሚሰበስበው ጥበቃ ይከፍላል፣ ቧንቧ ይጠግናል።

ሄለን፦ እዚያ ላይ በጣም ብልህ ተማሪ እንኳ ይሳሳታል። ንገራቸው።

በረከት፦ ለማስኬጃና ለጥገና በዓመት 120,000 ብር ይበቃል እንበል። ተማሪው 1,200 ሰው በ25 ሊትር ያባዛል፣ በቀን 1,500 ጀሪካን ይሸጣል ይላል። ሲያካፍለው 22 ሳንቲም ይመጣል፣ 25 ሳንቲም ብሎ ይወስናል። ሰዉ ግን ከቦኖ ተሸክሞ ነው የሚወስደው። ለአንድ ሰው 15 ሊትር ቢቀዳ ብዙ ነው። 900 ጀሪካን። በ25 ሳንቲም በዓመት 82,000 ብር ገደማ ብቻ ይገባል። 38,000 ብር ጎደለ።

ሄለን፦ ስለዚህ 25 ሊትሩ ለዲዛይን ልክ ነው፣ ለገቢ ግን ልክ አይደለም።

በረከት፦ በትክክል። ሲነድፉ በሰፊው፣ ገቢ ሲያስቡ በጠባቡ። በ15 ሊትር ካሰላሽው 37 ሳንቲም ይመጣል፣ 50 ሳንቲም ብታደርጊው መለዋወጫ መግዣም ይተርፋል። መክፈል ለማይችሉት እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ኮሚቴው ራሱ በስብሰባ ይወስን። ቤት ለቤት የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ሄለን፦ ገቢው እንደሚጎድል በምን ይታወቃል?

በረከት፦ በመጀመሪያው ወር ይታወቃል። ማጠራቀሚያው መውጫ ላይ ቆጣሪ ይገጠም፣ ኮሚቴው የሰበሰበው ብር ከቆጣሪው ጋር በየወሩ ይመሳከር። ቆጣሪው ብዙ አሳይቶ ብሩ ካነሰ ወይ ቧንቧው ያፈሳል፣ ወይ ሰው ሳይከፍል ይቀዳል። ቆጣሪውም ብሩም እኩል ካነሱ ሰው እየቀዳ አይደለም፣ ታሪፉ እንደገና ይታይ።

ሄለን፦ ቆጣሪውን በሥራ ክፍፍሉ ላይ ያስገባ ተማሪ እስካሁን ያየሁት ጥቂት ነው። ዘንድሮ መለያ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ 3.5 ብዬ።

በረከት፦ ርክክቡ ላይም ይጨመርልኝ። ከቁልፉና ከመፍቻው ጋር ያ 20 ሊትር ጀሪካን ለኮሚቴው ይሰጥ፣ በየሚያዝያው ምንጩን ለክተው ሰከንዱን መዝገቡ ላይ እንዲጽፉ።