የ1985 እና የ2016 የምንዛሬ ዝላዮች በሁለት ዓይነት ግራፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የአሜሪካ ዶላር ባለፉት ዐርባ ዓመታት በባንክ ስንት ብር ሲመነዘር እንደቆየ የሚያሳይ ግራፍ አብዛኞቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ከታች ተጣብቆ ይጓዝና መጨረሻው ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው፣ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞት አያውቅም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ መደምደሚያውን የሰጠው የግራፉ ልኬት ነው።

ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በ2.07 ብር ተተክሎ የኖረው ዶላር በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ 5 ብር እንዲሆን ተወሰነ፤ ጭማሪው 2.93 ብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120 ብርን ተሻገረ። እስከ 120 ያለውን ብቻ ብንቆጥር ጭማሪው 63 ብር ነው። ሊኒየር በምንለው ልኬት፣ በቋሚው ዘንግ ላይ እያንዳንዱ ብር እኩል ቦታ ስለሚይዝ፣ የ2016ቱ ዝላይ 21 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም የ1985ቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ሎጋሪዝሚክ ልኬት ግን እኩል ቦታ የሚሰጠው ለእኩል ብዜት ነው፤ ከ2 ወደ 4 ያለው ርቀት ከ50 ወደ 100 ካለው ርቀት ጋር አንድ ነው። በዚህ ልኬት ስንሥለው፣ የ1985ቱ ዋጋውን በ2.4 ያባዛ፣ የ2016ቱ በ2.1 ያባዛ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የሚረዝመው የ1985ቱ ነው። በዶላር የሚሸጥ ዕቃ ለሚገዛ ደመወዝተኛም ቢሆን ልዩነት የሚያመጣው ብዜቱ ነው፤ ደመወዙ ካልተጨመረ ስንት እጅ እንደከበደበት የሚያውቀው በእሱ ነው።

የሊኒየሩን ልኬት ጠባይ በይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ጥያቄውን ስንገለብጠው ነው። አንድ ብር ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል ብለን እንሣል። በ1985 ከ48 ሳንቲም ወደ 20 ወረደ፤ በ2016 ደግሞ ከ2 ሳንቲም ትንሽ ካነሰ ዋጋ ወደ 1 ሳንቲም እንኳ ወደማይሞላ ዋጋ ወረደ። አሁን በሊኒየር ግራፍ ላይ ገደል ሆኖ የሚታየው የ1985ቱ ሲሆን፣ የ2016ቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። አንዱ መረጃ፣ በአንዱ ልኬት፣ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ነገረን ማለት ነው። በሎጋሪዝሚኩ ላይ ግን ሥዕሉ ወደታች ከመገልበጡ በቀር የዝላዮቹ ርዝመት አይለወጥም።

ሎጋሪዝሚክ ልኬት ሁሉን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ ያስመስላል የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። በ2002 መጨረሻ ከተደረገው ማስተካከያ በኋላ ዶላር ከ16.35 ብር ተነሥቶ በሰባት ዓመት 23.40 ገደማ ደረሰ፤ በዓመት አንድ ብር ያህል፣ በመቶኛ 5 ገደማ ነው። በ2010 መጀመሪያ ወደ 26.90 ገደማ ከፍ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ 57 ደረሰ፤ ይህም በዓመት ከ4 ብር በላይ፣ በመቶኛ 12 ገደማ ነው። ሊኒየሩ ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ በላይ እንደጨመረ ሲያሳይ፣ ሎጋሪዝሚኩ ከሁለት እጥፍ ትንሽ እንደበለጠ ያሳያል። መፍጠኑ እውነት ነው፤ የተጋነነው መጠኑ ነው። በሎጋሪዝሚክ ግራፍ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ከታጠፈ፣ የመቶኛው ዕድገት ራሱ ጨምሯል ማለት ነው። በሊኒየሩ ላይ ግን በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መቶኛ የሚያድግ ዋጋም ይታጠፋል፤ ስለዚህ መታጠፉ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

የቀረበላችሁ ግራፍ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በቋሚው ዘንግ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ በእኩል ርቀት 20፣ 40፣ 60 ከሆኑ ሊኒየር፣ 1፣ 10፣ 100 ከሆኑ ሎጋሪዝሚክ ነው። ኤክሴል የምትጠቀሙ ዘንጉን መርጣችሁ Logarithmic scale የሚለውን ሳጥን ብታመለክቱ ይለወጥላችኋል።

ሎጋሪዝሚክ የማይሆንበትም ቦታ አለ። ዜሮንና ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር ማሳየት ስለማይችል፣ ትርፍና ኪሳራ ለሚፈራረቁበት ሒሳብ አይውልም። ለሚቀጥለው ወር ጭነት ስንት ብር ማዘጋጀት እንዳለበት የሚያሰላ አስመጪም የሚያስፈልገው ሊኒየሩ ነው፤ ባንክ የሚጠይቀው ብዜት ሳይሆን ብር ነውና። ዋጋው በጥቂት መቶኛ ብቻ በተንቀሳቀሰበት አጭር ጊዜ ደግሞ ሁለቱ መስመሮች ቢነባበሩ በዓይን አይለዩም፤ ክርክሩ የሚነሣው ዋጋው በእጥፍና ከዚያ በላይ በተለወጠበት ረጅም ዘመን ላይ ነው።

አመሰግናለሁ።