ፋይበሩ ላይ ጆሮ የጣለ ሰው ለምን ስህተት ሆኖ ይታያል?

ቤዛ፦ ስዊች ላይ ፖርት ሚረሪንግ ስናበራ ትራፊኩ ተቀድቶ ይመጣልናል፤ ላኪም ተቀባይም አያውቁም። የሚስጥር ቁልፍን በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች፣ በፎቶኖች፣ በሚያጋራው ኳንተም ቁልፍ ስርጭት ላይ ይሄ ለምን እምቢ ይላል?

ናሆም፦ ነጠላ ፎቶን ስለማይቀዳ ነው። ቤኔትና ብራሳርድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡትን ቢቢ84 ፕሮቶኮል እንውሰድ። ላኪዋ አሊስ እያንዳንዱን ቢት በአንድ ፎቶን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ብርሃኑ በሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ ትልካለች። በቀጥታው ዘዴ 0 አግድም፣ 1 ደግሞ ቁም ነው፤ በሰያፉ 0 በ45 ዲግሪ፣ 1 በ135። የቱን እንደምትጠቀም ለየፎቶኑ በዕጣ ትመርጣለች። ተቀባዩ ቦብም የሚለካበትን እንዲሁ በዕጣ ነው የሚመርጠው።

ቤዛ፦ ምርጫቸው ካልገጠመስ?

ናሆም፦ ያኔ ቦብ የሚያገኘው ግምት ነው፤ 0 ወይም 1 እኩል ዕድል አላቸው። ስለዚህ በኋላ በተለመደው መስመር ዘዴውን ብቻ ይነጋገራሉ፣ ቢቱን አይናገሩም። ያልገጠመውን ሲጥሉ ግማሽ ያህሉ ይተርፋል፤ በተረፈው ላይ የሁለቱ ቢት አንድ መሆን አለበት።

ቤዛ፦ እሺ፣ አሁን ጠላፊዋን ኢቭን መሃል እናስገባት።

ናሆም፦ አንድ ፎቶን እንከተል። አሊስ 1ን በ135 ዲግሪ ላከች። ኢቭ በቀጥታው ለካችው፤ አግድም ወጣላት። ዋናውን ፎቶን ዲቴክተሯ ውጦታል፣ ስለዚህ ምትክ መላክ አለባት፤ በእጇ ያለው መረጃ “አግድም” ብቻ ስለሆነ አግድም ትልካለች። ቦብ በሰያፉ ለካ እንበል። ዘዴው ከአሊስ ጋር ስለገጠመ ቢቱ ይያዛል፤ የደረሰው ፎቶን ላይ ግን የ135 ምልክት የለም። ስለዚህ ግማሽ ዕድል 0 ያነባል።

ቤዛ፦ ዘዴውን የምትስተው ግማሹን ጊዜ ነው፣ ከዚያም ግማሹ ይበላሻል። 25 በመቶ ማለት ነው።

ናሆም፦ አዎ። 20 ቢት ገልጠው ቢያወዳድሩ፣ ያለ አንድ ስህተት የማለፍ ዕድሏ ከሺህ 3 ገደማ ነው። የተገለጡት ቢቶች ይጣላሉ።

ቤዛ፦ ግን ፋይበሩ ራሱ ፎቶን ያጠፋል እኮ።

ናሆም፦ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከመቶ አንዱ ቢደርስ ነው። እሱ ኪሳራ እንጂ ስህተት አይደለም፤ ያልደረሰ ፎቶን ቁልፉ ውስጥ አይገባም። ስህተት የምንለው ደርሶ በተቃራኒው የተነበበውን ነው። ዲቴክተር ብርሃን ሳይነካው ሲመዘግብ፣ ወይም ፖላራይዜሽኑ መንገድ ላይ ሲዞር፣ ጠላፊ ሳይኖርም ጥቂት በመቶ ይመጣል።

ቤዛ፦ ታዲያ ኢቭ ከአስር ፎቶን አንዱን ብቻ ብትነካስ? 2.5 በመቶ ነው፤ እዚያው ውስጥ ትደበቃለች።

ናሆም፦ መለየት ስለማይቻል ስህተቱን ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚያስቡት። መጀመሪያ የተዛቡትን ቢቶች ያርማሉ። ከዚያ ከስህተቱ መጠን ተነስተው ቢበዛ ምን ያህል ልታውቅ እንደምትችል ያሰሉና፣ ቁልፉን በሃሽ ፈንክሽን በዚያው ልክ ያሳጥሩታል። በተለመደው ስሌት ስህተቱ 11 በመቶ ገደማ ሲደርስ የሚተርፍ ቁልፍ የለም፤ ሁሉም ይጣላል።

ቤዛ፦ ያ የሚነጋገሩበት መስመርስ?

ናሆም፦ ኢቭ ብትሰማው ችግር የለም፤ መልእክቱን መለወጥ ግን የለባትም። ማረጋገጫ ከሌለው ለአሊስ ቦብ፣ ለቦብ አሊስ ሆና ከእያንዳንዳቸው ጋር የየራሱን ቁልፍ ትፈጥራለች፤ ያኔ በእሷ ምክንያት የሚመጣ አንድም ስህተት አይታይም። ለዚህ ነው ሁለቱ ገና ከመጀመራቸው በፊት አጭር የጋራ ሚስጥር የሚይዙት።