አንድ ቻርት፣ ሁለት የማዕበል ቆጠራ

አድማጭ፦ «አንዱ ተንታኝ ‹ሦስተኛው ማዕበል ላይ ነን፣ ገና ይወጣል› ይላል። ሌላው በዚያው ቻርት ‹አለቀለት› ይላል። ሁለቱም ኤልየትን ነው የምንከተለው ባይ ናቸው። ማንን ልመን?»

ሁለቱም ሕጉን አልጣሱ ይሆናል። ራልፍ ኔልሰን ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያነሳው ሐሳብ፣ የገበያ ዋጋ በዋናው አቅጣጫ በአምስት ማዕበል ይጓዛል፣ ከዚያ በተቃራኒው በሦስት ማዕበል ይታረማል የሚል ነው። ከዚህ የተወረሱት ጥብቅ ሕጎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ማዕበል፣ አንደኛው ከተነሳበት ዋጋ አያልፍም። ሦስተኛው ከአንደኛውና ከአምስተኛው ጋር ሲነጻጸር ከሁሉም አጭሩ አይሆንም። አራተኛው ወደ አንደኛው የዋጋ ክልል አይገባም። ሌላው፣ ማዕበሉ እስከ የት እንደሚደርስ የሚገመትበትን የፊቦናቺ ልኬት ጨምሮ፣ ልማድ ነው። ክርክሩም የሚነሳው እዚያ ነው።

በምሳሌ እንየው። ዋጋው ከ160 ወደ 100 ወረደ እንበል። ከዚያ 120 ደረሰ፣ ወደ 110 ተመለሰ፣ ቀጥሎ 138 ወጣ። የመጀመሪያው ተንታኝ ከ100 ወዲህ ያለውን «1፣ 2፣ 3» ብሎ ቆጠረው። ሁለተኛው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» አለው፤ ማለትም በትልቅ ቁልቁለት መሀል የመጣ እርማት። ትንንሾቹን ማዕበሎች ብንቆጥር አይለይም? አይለይም። ዚግዛግ በሚባለው እርማት ውስጥ ኤ አምስት፣ ቢ ሦስት፣ ሲ አምስት ትንንሽ ማዕበሎች አሏቸው። 1፣ 2 እና 3ም በተለመደው መልካቸው እንደዚያው ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ መንትያ ናቸው።

አድማጭ፦ «ታዲያ መቼ ነው የሚለየው?»

አንዱ ሲፈርስ። ዋጋው ከ138 ተመልሶ አሁን 130 ላይ ነው እንበል። ከ120 በታች ከወረደ አራተኛው ማዕበል የአንደኛውን ክልል ነክቷል፤ የመጀመሪያው ቆጠራ ፈረሰ። ከ160 በላይ ከወጣ ደግሞ እርማቱ የተነሳበትን አልፏል፤ ሁለተኛው ፈረሰ። በመሀል ያለው ሰፊ ቦታ ለማንም አይመሰክርም። ዋጋው 145 ቢደርስ ‹ይወጣል› ባዩ «አላልኩም?» ይላል፤ ግን ሲ ስትረዝምም 145 መድረስ ትችላለች።

በ130 የሚገዛ ሰው ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ኪሳራ ለመገደብ የሚሸጥበትን ዋጋ፣ 119 ላይ ቢያስቀምጥ በአንድ ዩኒት 11 ሊያጣ ነው። ቢበዛ 110 ለማጣት ከፈቀደ የሚገዛው 10 ዩኒት ነው። ስለ ቆጠራው የቱንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን ያው 10 ነው። ዋጋው ዘሎ ከወረደ ደግሞ ኪሳራው ከዚህም ሊብስ ይችላል።

አድማጭ፦ «ቆጠራዬ ሲፈርስ ሁሌ ሌላ አገኝለታለሁ። ችግር አለው?»

እንደገና መቁጠር ነውር የለውም። ችግሩ አሮጌውን ግዢ በአዲስ ቆጠራ ማቆየት ነው። ዋጋው 118 ሲገባ ብዙዎች «ዲያጎናል ነው» ይላሉ። ዲያጎናል በሚባለው ልዩ የአምስት ማዕበል ቅርጽ ውስጥ አራተኛው ማዕበል ወደ አንደኛው ክልል መግባት ስለሚፈቀድለት ጥሩ ማምለጫ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ቆጠራና የሚፈርሱበትን ዋጋ ከነቀኑ ይጻፉ። ዲያጎናል የሚለው ያን ቀን ካልተጻፈ በ118 ሊታደግዎ አይገባም። መጀመሪያ ይውጡ፣ ከዚያ ይቁጠሩ።