ከባሕር ዳር ሲነሱ አንድ ሞተር ቢጠፋ፦ የውሳኔ ፍጥነት ትርጉም

ምስል፦ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ መንደርደሪያ። ሁለት ሞተር ያለው ጄት ጫፉ ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል።

ይህ አውሮፕላን ገና ሳይንቀሳቀስ አብራሪዎቹ ሦስት ቁጥሮችን አስልተው በፍጥነት ማሳያው ላይ አስቀምጠዋል። በማሳያው ላይ V1፣ VR እና V2 ተብለው የሚታዩት እነዚህ ቁጥሮች በአማርኛ የውሳኔ ፍጥነት፣ የአፍንጫ ማንሻ ፍጥነትና የደኅንነት ፍጥነት ልንላቸው እንችላለን። ለዛሬው ምሳሌ 130፣ 134 እና 140 ኖት ብለን እንያዛቸው። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። እውነተኛዎቹ ቁጥሮች ግን እንደ ጭነቱ፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ነፋሱና እንደ አስፋልቱ ሁኔታ በየበረራው ይለያያሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ለመረዳት ይቀላሉ። በአፍንጫ ማንሻው ፍጥነት ላይ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ስቦ አፍንጫውን ያነሣል። የደኅንነት ፍጥነት ደግሞ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚወጣበት ፍጥነት ሲሆን፣ ከመሬት 35 ጫማ፣ ማለትም 11 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ሊኖረው ይገባል። ጎማው ከታጠፈ በኋላ ሁለት ሞተር ያለው ጄት በአንዱ ብቻ በየ1,000 ሜትሩ ቢያንስ 24 ሜትር እንዲወጣ ሕጉ ያስገድዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ላይ ነው። ስሙ የውሳኔ ፍጥነት ስለተባለ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብሎ ማሰብ የሚጀመር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። መነሣቱን ለማቋረጥ ከተፈለገ የመጀመሪያው የማቆም እርምጃ እዚህ ቁጥር ላይ ተወስዶ መሆን አለበት። ስለዚህ ስሌቱ ሞተሩ ከዚህ ቀደም ብሎ እንደጠፋ፣ አብራሪውም እስኪያስተውልና እጁን እስኪያንቀሳቅስ ጥቂት ጊዜ እንዳለፈ ይቆጥራል።

ምስል፦ የመንደርደሪያው ንድፍ ከላይ ሲታይ። 3,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ የሳሳ ነው። የፍጥነት ማሳያው የሚለካው የአየሩን ግፊት እንጂ የአስፋልቱን ሩጫ ስላልሆነ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን 130 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሮጠው 148 ኖት ገደማ ነው፤ ይህም በሴኮንድ 76 ሜትር ማለት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በተለመደው 15 ዲግሪ ሙቀት ቢሆን 67 ሜትር ብቻ ነበር። ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ማሳያው ላይ ያለው ቁጥር ሳይለወጥ የፍሬኑ ሸክም ወደ 30 በመቶ ይጨምራል። ከጎጃም ደጋ መነሣት ከባሕር ጠረፍ እንደመነሣት የማይቆጠረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

መንደርደሪያው 3,000 ሜትር ነው፣ ነፋስ የለም፣ አስፋልቱም ደረቅ ነው ብለን እናስላ። ሁለቱ ሞተሮች በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በ1.7 ሜትር፣ አንዱ ብቻ ደግሞ በ0.6 ሜትር ይጨምራሉ፤ ፍሬኑ በየሴኮንዱ 3 ሜትር ይቀንሳል እንበል። አንዱ ሞተር ሲጠፋ ጭማሪው ከግማሽ በታች የሚወርደው ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስም የአየሩና የጎማው መጎተት ስለማይቀንስ ነው።

ምስል፦ ማሳያው 100 ኖት ላይ። የግራው ሞተር አመልካቾች ይወርዳሉ።

ማሳያው 100 ኖት ሲል የግራው ሞተር ጠፋ። አውሮፕላኑ እስካሁን 1,000 ሜትር ያህል ተንደርድሯል። አብራሪው ቢያቆም፣ ለማስተዋያና ለእርምጃ ሁለት ሴኮንድ ጨምረን፣ 1,690 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ከፊቱ ከ1,300 ሜትር በላይ አስፋልት ይተርፈዋል። ልቀጥል ቢል ግን በአንድ ሞተር ከ100 ወደ 134 ኖት ለመድረስ ብቻ ተጨማሪ 2,270 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 3,270 ሜትር ስለሚሆን አፍንጫውን ሳያነሣ አስፋልቱ ያልቅበታል። ሌላም ችግር አለ፦ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ከሆነ የጅራቱ መሪ የአንድ ወገን ግፊትን አሸንፎ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከውሳኔው ፍጥነት በፊት ሞተር ጠፋ ማለት ምርጫ የለም ማለት ነው፤ ይቆማል።

እዚያው 130 ኖት ላይ እርምጃው ቢጀመር ደግሞ መንደርደሩ 1,703፣ ሁለቱ ሴኮንዶች 152፣ ፍሬኑ 965 ሜትር ወስደው 2,820 ሜትር ላይ ይቆማል። አብራሪው ግን ቁጥሩን አልፎ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ቢያመነታ ድምሩ ከ3,000 ሜትር ይዘላል። በአንጻሩ ከ130 ኖት በኋላ መቀጠሉ ቀላል ነው፤ 134 ለመድረስ 300 ሜትር ያህል ብቻ ይበቃዋል። ካፒቴኑ «ቪ ዋን» የሚለው ጥሪ ሲሰማ እጁን ከኃይል ዘንጎቹ ላይ የሚያነሣው በልማድ እንዳይጎትታቸው ነው።

የማቋረጡ እርምጃ አጭር ነው። ካፒቴኑ «ስቶፕ» ይልና ዘንጎቹን ወደ ዝቅተኛው ይመልሳል፤ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ይያዛል፤ በክንፉ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ተነሥተው ክብደቱን ወደ ጎማው ያወርዱታል፤ የሞተሩም ግፊት ወደ ኋላ ይዞራል። በደረቅ አስፋልት ስሌት ይህ የኋላ ግፊት አይቆጠርም፤ ስለዚህ ትርፍ ነው። እርግጥ ከ80 ኖት በታች ጥቃቅን ብልሽቶችም ያስቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ግን በቦይንግ አሠራር የሚያስቆመው የሞተር መጥፋት፣ እሳት፣ ድንገተኛ የነፋስ ለውጥ ማስጠንቀቂያ ወይም አውሮፕላኑ መብረር የማይችል መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የጠፋው ሞተር አንድ ነው በሚል ላይ የተመሠረተ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737-200 የውሳኔው ፍጥነት አካባቢ ላይ የርግብ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። አብራሪዎቹ ተነሥተው ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ አልዘለቁም፤ ጎማ ሳይወጣ መሬት ላይ ተንሸራቶ ባረፈው አውሮፕላን ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ለእንዲህ ያለው ጉዳት የውሳኔው ፍጥነት መልስ የለውም።

ምስል፦ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ቆሟል። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣል።

ያቋረጠው አውሮፕላን ከቆመ በኋላ ወዲያው ወደ መቆሚያው አይሄድም። ፍሬኑ የዋጠው ጉልበት ወደ ሙቀት ስለተለወጠ ጎማዎቹ እንዳይፈነዱ ቀላጭ መክደኛዎቹ ቀልጠው አየሩን ቀስ ብለው ሊለቁት ይችላሉ፤ ሙቀቱም ከቆሙ በኋላ ለደቂቃዎች መጨመሩን ይቀጥላል። በመስኮት የሚያይ ተሳፋሪ «ቆመናል፣ ለምን አንወርድም?» ሊል ይችላል፤ አብራሪዎቹ ግን የእሳት አደጋ መኪናው ደርሶ ጎማዎቹን አይቶ እስኪነግራቸው ድረስ እየጠበቁ ነው።