ከአሜሪካ የመጣ ጊፍት ካርድ እዚህ አልሞላ ሲል

[ስክሪን ላይ፦ በቴሌግራም የተላከ፣ ጀርባው የተፋቀ የጉግል ፕሌይ ካርድ ፎቶ]

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ተማሪ እንውሰድ። አሜሪካ ያለው አጎቷ የ25 ዶላር የጉግል ፕሌይ ካርድ ገዝቶ ፎቶውን ላከላት። ኮዱን አስገባች፤ አልሞላም። ኔትወርክ መስሏት ደጋግማ ሞከረች።

ችግሩ ኔትወርክ አይደለም። ስልኩ ካርዱ በአገርዎ አይሠራም ካለ፣ ነገሩ የአገር ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው "ዶላር እስከሆነ የትም ይሠራል" ይላል። አይሠራም። አሜሪካ የተሸጠ ካርድ የሚሞላው አገሩ አሜሪካ ተብሎ በተመዘገበ አካውንት ላይ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ Settings፣ General፣ Account and device preferences፣ Country and profiles]

የእናንተን እዚህ ታዩታላችሁ። ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ፣ ከላይ ጥግ ያለውን ፎቶአችሁን ንኩ፣ ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ግቡ። ኢትዮጵያ የሚል ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

"ቪፒኤን ክፈቺ" የሚላት አይጠፋም። እባካችሁ ይሄን አትሞክሩ። ቪፒኤን የተመዘገበውን አገር አይቀይርም፤ ይልቅ አካውንቱን ያስጠረጥራል። አገር በትክክል ለመቀየር እዚያው መገኘትና የዚያን አገር የክፍያ ካርድ መያዝ ያስፈልጋል። ከተቀየረ ደግሞ ለአንድ ዓመት መመለስ የለም፤ የቀድሞው ሒሳብም አብሮ አይሻገርም።

ደግነቱ፣ በአገር ምክንያት የተመለሰ ኮድ አልተቃጠለም። አጎቷ በራሱ አካውንት ሞልቶ ይጠቀምበት፤ ለእሷ ብሩን በሌላ መንገድ ይላክላት።

ጊዜው አልፏል የሚለው መልእክት በብዛት የሚመጣው በነጻ የሚታደል የፕሮሞ ኮድ ላይ ነው። ኮዱ የሚያበቃበትን ቀን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 05/06 ማለት ሜይ 6 እንጂ ጁን 5 አይደለም። በዚህ ብቻ አንድ ወር ይሳታል።

[ስክሪን ላይ፦ Payments & subscriptions፣ Budget & history]

ልብ የሚሰብረው "ኮዱ ጥቅም ላይ ውሏል" የሚለው ነው። "ተበላሁ" ከማለታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ስንት ጂሜይል እንዳለ እዩ። ካርዱ የሚገባው በዚያ ሰዓት ክፍት በነበረው አካውንት ነው። በየአካውንቱ እየገባችሁ እዚህ ገጽ ላይ ፈልጉ። የላኪውንም ስልክ አስዩ፤ ሊሞክረው ብሎ ራሱ ላይ ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

የትም ከሌለ ሌላ ሰው ቀድሟችኋል። ፎቶው ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ከነበረ ኮዱን ያየ ሁሉ ሊሞላው ይችል ነበር። አሁን የሚያስፈልገው ደረሰኙ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው በገዛው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ለጉግል የሚያመለክተው አጎትየው ይሁን፤ የካርዱን ፎቶና ደረሰኙን አያይዞ ይላክ።