ፎቶው ሳይደርስ መልሱ ደረሰ

[ስክሪን ላይ፦ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት። ፎቶ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ግራጫ ሳጥን።]

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ወንድሞች፣ ኮሮላ ነው የምነዳው። ይሄ መብራት አሁን ዳሽቦርዱ ላይ በራብኝ። እስከ ገላን ልንዳው?»

ፎቶው የለም። ኔትወርክ ውጦታል።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ገባ። «ቼክ ኢንጅን ነው። ምንም አትሆኚም፣ ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋራዥ ነው የምውለው። «መብራት በራብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየኝ ያቺን ቢጫ የሞተር ምልክት ነው። እጄ ቀደመኝ።

ችግሩ የት ጋ እንደሆነ ልብ በሉ። እሷ ፎቶው አለመድረሱን አታውቅም። በእሷ ስልክ ላይ ፎቶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ «ቼክ ኢንጅን ነው» ስላት የምታነበው «አየሁት፣ እሱ ነው» ብላ ነው። እኔ ገመትኩ፣ እሷ ጋ ግን የዓይን ምስክርነት ሆኖ ደረሰ። ሌላው ሰው ደግሞ ከሥር «ትክክል» ብሎ ይጨምራል፤ እሱም አላየም፣ ያየው የኔን መልስ ነው። መልስ አገኘሁ ብላ መጠየቋን ትተዋለች፣ ፎቶውንም ደግማ አትልክም።

ግምቴ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆን ነበር። የሚያሳስተኝም ይኸው ነው፤ አሥር ጊዜ ስለያዘልኝ አሥራ አንደኛውን አልጠረጠርኩም።

[ስክሪን ላይ፦ ሦስት ምልክቶች ጎን ለጎን።]

ቢጫው የሞተር ምልክት ቋሚ ሆኖ ከበራና መኪናው እንደወትሮው ከሄደ፣ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ያው ቢጫ ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊስት ያግለዋል። ሦስተኛው ቀዩ ነው፤ ጀበና የሚመስለው፣ ከአፉ ጠብታ የምትወርድ። እሱ የዘይት ግፊት ነው። ሞተር እየሠራ እሱ ከበራ ዘይቱ በሚገባ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ብሮንዚና ብረት ለብረት ከተፋተገ ደግሞ ሞተር የሚበላሸው በደቂቃዎች ነው።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው ልክ ነው። ለሦስተኛው ሞተር ይበላል። የጥያቄው ጽሑፍ ግን ለሦስቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ፎቶው ውስጥ ብቻ ነበር።

መልሴን ደግሜ ሳነበው ደነገጥኩ። አጥፍቼው ዝም አላልኩም፤ አንብባው ይሆናል። ከሥሩ ይህን ጻፍኩ።

[ስክሪን ላይ፦ መልእክቱ በሙሉ።]

«እህቴ፣ ይቅርታ። ፎቶው አልደረሰኝም፤ ከላይ ያልኩሽን ሳላይ ነው ያልኩት፣ እሱን ተይው። እየነዳሽ ከሆነ መጀመሪያ ጥግ ያዢ። ቀይ ሆኖ ጀበና ወይም ቴርሞሜትር ከመሰለ ሞተሩን አጥፊ። ከዚያ ንገሪኝ፦ ቀለሙ ምንድን ነው? ምን ይመስላል? ሲበራ ሞተሩ እየሠራ ነበር ወይስ ቁልፍ ብቻ ነው የከፈትሽው? ፎቶውንም ድገሚልኝ።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ለወግ አልጨመርኳትም። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የጀበናው መብራት መብራቱ ጤና ነው፤ አምፖሉ እንደሚሠራ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ በጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። ቀይ ሁሉም አያስፈራም፤ የእጅ ፍሬን ሳያወርዱ የሚደውሉልኝም አሉ።

«ቀይ ነው፣ ጀበና ነገር። ቆሜያለሁ» አለች።

አሁን የምመልሰው በነገረችኝ ላይ ስለሆነ እሱንም አልደበቅኩም። «እንዳልሽው ከሆነ የዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጪ፣ ጥረጊው፣ መልሰሽ ከተሽ አውጪው። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው?»

ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። ዘይት ከነዳጅ ማደያ አስመጥታ ጨመረች፣ አስነሳች፣ መብራቱ ጠፋ። ሞልቶም ቢበራ ኖሮ ፓምፑ ይሁን ሴንሰሩ በስልክ መለየት አልችልም፤ ግፊቱ በጌጅ መለካት አለበት። ያኔ የምላት «አታስነሺው፣ ይጎተት» ብቻ ነበር።

ፎቶው ማታ ደረሰ። ቀዩ ጀበና በርቷል። ከጎኑ ያለው የሞተር ዙር መርፌ ከ1 ትንሽ ዝቅ ብሏል። ፎቶውን ስታነሳ ሞተሩ እየሠራ ነበር።